ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ የሚመጣ ራስ ምታት፦ በዐቢይ ጾም የታየ የአንዲት ልብስ ሰፊ ጉዳይ

በዐቢይ ጾም ሦስተኛ ሳምንት፣ በምኩራብ ረቡዕ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ አንዲት የ34 ዓመት ልብስ ሰፊ አዳማ ውስጥ ወደምሠራበት ክሊኒክ መጣች። ግንባሯን በነጠላዋ ጫፍ ጥብቅ አድርጋ አስራ ነበር። ጾሙ ከገባ ጀምሮ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ራሷን እንደሚያማት፣ ሕመሙ እስከ 9 ሰዓት ድረስ እየበረታ እንደሚሄድና ከመሸ በኋላ ምንም እንዳልነበረ እንደሚለቃት ነገረችኝ። ይህን ጉዳይ በፈቃዷ የምጽፈው፣ በጾም ወቅት ራሱን አሞት የሚመጣ ሰው ብዙ ሆኖ ሳለ ሕመሙ ከየት እንደመጣ በሰዓት ለክቶ የሚያጣራ ሐኪም ጥቂት መሆኑን ስለማይ ነው።

ከእኔ ዘንድ ከመምጣቷ በፊት ሌላ ቦታ ታይታ ነበር። እዚያ በተደረገላት የዊዳል ምርመራ «ታይፎይድ አለብሽ» ተብላ ለሰባት ቀን የሚዋጥ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ጀመረች። መድኃኒቱን በጀመረች በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ስለጠፋ መድኃኒቱ የሠራላት መስሏት ነበር፤ ቀኖቹን አብረን ስንቆጥራቸው ግን ቅዳሜና እሑድ ሆነው ተገኙ። ሰኞ ረፋድ ላይ መድኃኒቱን እየዋጠች ሕመሙ ተመልሶ መጣ። ዊዳል የሚያሳየው ሰውነት ከዚህ በፊት ከተሕዋሲው ጋር ተገናኝቶ ያዘጋጀውን ፀረ አካል ስለሆነ፣ ትኩሳት በሌለበት ሰው ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶ ከፍ ማለቱ የአሁን ሕመምን አያረጋግጥም። እሷም በእነዚህ ሁሉ ሳምንታት አንድም ቀን አላተኮሳትም።

ጉዳዩን የከፈተልኝ ያ የቅዳሜና የእሑድ ነገር ነው። በዐቢይ ጾም ቅዳሜና እሑድ ከሥጋና ከወተት ተዋጽኦ መከልከሉ እንዳለ ቢሆንም እስከ ሰዓት መጾም የለም፤ ስለዚህ ጠዋት ትበላለች፣ ውኃ ትጠጣለች፣ ቡናም ታፈላለች። ሱቋን ግን ቅዳሜ ትከፍታለች። ያው የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ያው ስፌት መኪና፣ ያው የከሰል ካውያ፣ ያው ቀጭን የመርፌ ሥራ እያለ ቅዳሜ ራሷን አያማትም። መጀመሪያ የጠረጠርኳቸው ሁለት ነገሮች፣ ማለትም የዓይን ድካምና የከሰል ጭስ፣ በዚህ ምክንያት ወደ ኋላ ቀሩ። የከሰል ጭስ ጉዳይ ቀላል አይደለም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሆነ ራስ ከማሳመም አልፎ ሕይወት ያጠፋል። የእሷ ሱቅ ግን ወደ መንገድ የሚከፈት ሰፊ በር አለው፤ አብረዋት የሚሠሩት ሁለት ልጆችም ራሳቸውን አሟቸው አያውቅም።

ሕመሙ ምን እንደሚመስል ስጠይቃት ሁለቱንም የጆሮ ግንዷንና ግንባሯን እንደ ጠባብ ኮፍያ ጨምቆ እንደሚይዛት ነገረችኝ። አይወጋትም፣ ከልብ ትርታ ጋር አይመታትም፣ በአንድ ጎን አይከፈልም፤ ብርሃን አይረብሻትም፣ አያስመልሳትም። ከሕመሙ ቀደም ብሎ ግን ሌላ ነገር ይመጣል። «ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ማዛጋት እጀምራለሁ፤ ልጆቹ ‹እትዬ፣ ቡናሽ ጠራሽ› ይሉኛል። ከዚያ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ያቅተኛል፣ በትንሹም እቆጣለሁ» አለችኝ። ልጆቹ በጨዋታ የተናገሩት ቃል ከተሰጣት የላቦራቶሪ ወረቀት ይልቅ ወደ እውነቱ የቀረበ ነበር።

የሰዓቱን ሒሳብ በወረቀት ላይ አብረን አሰላነው። ከጾሙ በፊት ከሱቅ በፊት አቦልና ቶና፣ ረፋድ ላይ ከጎረቤት ጀበና አንድ ሲኒ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሁለት፣ በድምሩ በቀን አምስት ሲኒ ትጠጣ ነበር። ጾሙ ሲገባ የጠዋቱ ሁሉ ቀረና 9 ሰዓት ላይ ከፈታች በኋላ በ10 ሰዓት አራት ሲኒ በተከታታይ መጠጣት ጀመረች። እራት የምትበላው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ሲሆን፣ የመጨረሻውን ውኃ የምትጠጣው ስትተኛ 3 ሰዓት ገደማ ነው። እንግዲህ በማግሥቱ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ቡና ከጠጣች 18 ሰዓት፣ ምግብ ከበላች 14 ሰዓት፣ ውኃ ከጠጣች 13 ሰዓት ይሆናታል። በሰውነት ውስጥ የካፌይን ማጣት ራስ ምታት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከመጨረሻው ሲኒ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። በጾም ምክንያት የሚመጣው ራስ ምታትም ቢያንስ ስምንት ሰዓት ምግብ ካልተበላ በኋላ የሚነሣ ሲሆን፣ ጾሙ በረዘመ መጠን የመምጣቱ ዕድል ይጨምራል። ሁለቱ የጊዜ ክልሎች እሷ ዘንድ በአንድ ሰዓት ላይ ተገጣጥመው ነበር፤ አንዱን ከሌላው ለመለየት ያስቸገረውም ይኸው ነው።

ምርመራው አደገኛ ነገር አላሳየም። የሰውነቷ ሙቀት 36.7 ዲግሪ ነበር፤ አንገቷ አልደረቀም፣ እጅና እግሯም እኩል ጉልበት ነበረው። ተኝታ የደም ግፊቷ 112 በ70፣ የልብ ምቷ 76 ነበር፤ ቆማ ሦስት ደቂቃ ከቆየች በኋላ ግፊቷ ወደ 98 በ64 ወረደ፣ የልብ ምቷም ወደ 98 ወጣ። ከላይኛው ቁጥር 20 እና ከዚያ በላይ ቢወርድ ኖሮ ከባድ የፈሳሽ እጥረት አለ እል ነበር፤ የእሷ 14 ብቻ ስለወረደ መጠነኛ ነው፣ ነገር ግን ስትቆም ዓይኗን ጭልም እንደሚያደርጋት ከነገረችኝ ጋር ይስማማል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት በኋላ ሽንት አልሸናችም ነበር፤ የሰጠችኝ ጥቂት ሽንት እንደ ጠላ የጠቆረ ሲሆን ጥግግቱ 1.030 ነበር፣ ኬቶንም ታይቶበታል፣ የኢንፌክሽን ምልክት ግን አልነበረበትም። በጣት ደም የተለካው ስኳሯ 66 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነበር። የእርግዝና ምርመራው ነጻ ሲሆን የደም ማነስም አልነበረባትም።

የስኳሩን ቁጥር በተመለከተ በጥንቃቄ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በጾም ቀን ራሱን ያመመውን ሁሉ «ስኳርህ ወርዶ ነው» ብሎ መሸኘት የተለመደ ነው። ጤነኛ ሰው ምግብ ሲቆይበት ጉበቱ ያከማቸውን ስኳር እየለቀቀ ደሙን ያስተካክላል፤ ክምችቱ እያነሰ ሲመጣ ሰውነት ስብ ወደ ማቃጠል ይዞራል፤ በሽንቷ የታየው ኬቶንም የዚሁ ምልክት ነው። የስኳር ሕመም በሌለበት ሰው እውነተኛ የስኳር መውረድ ተብሎ የሚጠረጠረው ልኬቱ ከ55 በታች ሲሆን፣ አብሮም መንቀጥቀጥ፣ ላብ ወይም መደናገር ሲኖርና ስኳሩ ሲመለስ ምልክቱ ሲጠፋ ነው። የእሷ 66 ከለመደችው ዝቅ ያለ ቢሆንም በራሱ ያን ያህል ራስ የሚያሳምም ቁጥር አይደለም። ስለዚህ ሦስቱም፣ የስኳር ዝቅታው፣ የውኃ ጥማቱና የቀረው ቡና፣ ድርሻ አላቸው ብዬ ብገምትም ድርሻቸው እኩል ነው ብዬ አላመንኩም።

ይህን ለመፈተሽ የሚያስችል ጊዜ ነበረን። ጾሟን ለመፍታት ግማሽ ሰዓት ብቻ ስለቀራት እስከ ሰዓቱ ልትቆይ ወደደች፤ እኔም ሁኔታዋ አስቸኳይ ስላልነበረ ተስማማሁ። በ9 ሰዓት ምግቡን፣ ውኃውንና ቡናውን እንደ ልማዷ በአንድ ጊዜ ከመውሰድ ይልቅ አንድ በአንድ እንድትወስድ ለመንኳት። ከዜሮ እስከ 10 በሚደርስ መለኪያ ሕመሟን 7 አለችው። መጀመሪያ ግማሽ ሊትር ውኃ ቀስ እያለች ጠጣች፤ በ40 ደቂቃ ውስጥ ስትቆም የሚያዞራት ነገር ጠፋ፣ ሕመሙ ግን 6 ላይ ቆመ። ቀጥላ ከሱቅ ይዛ የመጣችውን እንጀራ በሽሮ በላች። ሻይም ካፌይን ስላለው ያን እንድትተው ነገርኳት። 10 ሰዓት ከ20 ላይ ስኳሯ 104 ደርሶ ነበር፤ ሕመሙ 5 ነው አለች። ከዚያ በኋላ ከክሊኒኩ ደጃፍ ከሚፈላው ጀበና አንድ ሲኒ አቦል አስመጣንላት። 40 ደቂቃ ሳይሞላ ነጠላዋን ከግንባሯ ፈታችና አጣጥፋ ቦርሳዋ ላይ አስቀመጠችው፤ ቁጥሩን ስጠይቃት «አንድ፣ ወይም የለም» አለችኝ።

ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ቀድመው የገቡት ውኃና ምግብ ዘግይተው ሠርተው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለሐሙስና ለዓርብ ቡናዋን እንዳለ ትተን ውኃውንና እራቱን ብቻ ለወጥን። እስከዚያ ድረስ በጥማት 9 ሰዓት ላይ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ጠጥታ ከዚያ እስክትተኛ ድረስ ሌላ ውኃ አትጠጣም ነበር። አሁን ከ9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ድረስ በየሰዓቱ አንድ ብርጭቆ፣ በጠቅላላው ወደ ሁለት ሊትር እንድትጠጣ ተስማማን። በአንድ ጊዜ ሊትር ሙሉ ውኃ መጠጣት አብዛኛውን ወዲያው ወደ ሽንት ስለሚያወጣው ለነገ አይቆይም። እራቷንም ከዳቦ በሻይ ወደ ቅንጬ፣ ምስርና ሽሮ በእንጀራ ቀይራ ወደ 3 ሰዓት ገፋችው። ላብ የሚያስወጣትን የካውያ ሥራ ከረፋድ ወደ 10 ሰዓት በኋላ አዛወረችው። አዳማ በየካቲትና በመጋቢት እንዴት እንደሚሞቅ ለሚያውቅ ሰው ከቆርቆሮ በታች በከሰል ካውያ ፊት ሁለት ሰዓት መቆም ምን ያህል ፈሳሽ እንደሚያስወጣ መንገር አያስፈልገውም። ውጤቱ ግልጽ ነበር፤ ማዞሩ ሙሉ በሙሉ ቀረ፣ የሽንቷ ቀለም ነጣ፣ ሕመሙ ግን ሁለቱንም ቀን ከ4 ሰዓት ወደ 5 ሰዓት ተኩል ዘግይቶ መጣ እንጂ አልቀረም፤ መጠኑም 5 ነበር። ማዛጋቱ በዚያው በ3 ሰዓት ተኩል ይመጣ ነበር።

የቀረው ቡናው ነው። አንጎል ሲደክም አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይከማችና ድካምንና እንቅልፍን ያመጣል፤ የደም ሥሮችንም ያሰፋል። ካፌይን የዚህን ንጥረ ነገር መቀበያ በር ይዘጋል። በየቀኑ ብዙ ሲኒ የሚጠጣ ሰው አንጎሉ ተጨማሪ በሮች ያበጃል፤ ቡናው በቀረ ቀን ሁሉም በሮች በአንድ ጊዜ ይከፈቱና የደም ሥሮቹ ሲሰፉ ራስ ያማል፣ ያዛጋል፣ ትዕግሥትም ያጥራል። በጾም ወቅት የሚያስቸግረው፣ ቡናውን ጨርሶ ያቆመ ሰው በሳምንት ገደማ ውስጥ የሚገላገለውን ይህን ሕመም፣ ማታ ማታ አራት ሲኒ የሚጠጣው ሰው በየቀኑ እንደ አዲስ እንዲጀምረው መደረጉ ነው። በ10 ሰዓት የተጠጣው አራት ሲኒ የዛሬውን ሕመም ያስታግሣል፣ የነገውንም ያዘጋጃል። ሰኞ ከሌላው ቀን የባሰ የነበረውም ቅዳሜና እሑድ ወደ ጠዋቱ ልማድ ተመልሳ አምስት ሲኒ ስለምትጠጣ ነው።

በመጀመሪያ የሰጠኋት ምክር የችኮላ ነበር፤ ስህተቱ የእኔ ነው። ከቅዳሜ ጀምሮ ከአራት ሲኒ ወደ ሁለት በአንድ ጊዜ እንድትወርድ ነገርኳት። የመጻጉዕ ሰኞና ማክሰኞ ሕመሙ እስከ ሌሊት ዘለቀ፤ ደውላም «ዶክተር፣ ይሄማ ከፊቱ ባሰ» አለችኝ። ወደ ሦስት ሲኒ መልሰን አራት ቀን አቆየናት፣ ከዚያ ወደ ሁለት፣ ከአራት ቀን በኋላም ወደ አንድ አወረድናት። ሲኒ መቁጠር ብቻውንም በቂ አልነበረም። አቦል አብዛኛውን ካፌይን ይዞ የሚወጣ ወፍራም ቡና ነው፤ በረካ ግን በዚያው ዱቄት ሦስተኛ ጊዜ የፈላ ቀጭን ነው። ጎረቤቶቿ ሲጠሯት አልሄድም ማለት እንደማትችል ስለነገረችኝ፣ ቡናው ላይ እንድትቀመጥ፣ አቦሉን ግን ለሌላ ሰው ትታ ከቶና ወይም ከበረካ እንድትጀምር ተስማማን። ቅዳሜና እሑድም ከአዘቦት ቀን ያልበለጠ ሲኒ፣ በአዘቦት ቀን በምትጠጣበት ሰዓት ትጠጣለች። የቀረችውን አንድ ሲኒ ማታ 1 ሰዓት ላይ አደረገቻት፤ እንቅልፏን እንዳላወከው ስላረጋገጠች እዚያው ላይ ጸናች።

የሕመም ማስታገሻን በተመለከተ ጾሟን እንደፈታች ኢቡፕሮፌን በባዶ ሆድ ትውጥ እንደነበር ነገረችኝ፤ የጨጓራ ማቃጠል የጀመራትም ከዚያ ወዲህ ነው። ውኃ ባጣ ሰውነት ላይ ይህ መድኃኒት ጨጓራንም ኩላሊትንም ስለሚጎዳ አስቆምኳት። ፓራሲታሞል ከካፌይን ጋር ተቀላቅሎ የሚሸጥም ስላለ ከመግዛቷ በፊት ማሸጊያውን እንድታነብ ነገርኳት፤ ያም እንደ አንድ ሲኒ ይቆጠራል።

በመጨረሻው የመጻጉዕ ቀጠሮ ስለ እናቷ ጠየቀችኝ። እናቷም ይጾማሉ፣ እሳቸውንም ረፋድ ላይ ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ለስኳር ሕመም ደግሞ ግሊቤንክላሚድ ይወስዳሉ። እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ለእሳቸው አይሠራም። ይህ መድኃኒት ሰውየው በላም አልበላም ጣፊያ አጠገብ ካለው ዕጢ ኢንሱሊን ስለሚያስወጣ፣ በጾም ላይ ያለ ሰው ስኳር ጉበቱ ሊመልሰው ከሚችለው በታች ሊያወርደው ይችላል። በእሳቸው ላይ የሚመጣ ራስ ምታት፣ በተለይም ከላብ፣ ከመንቀጥቀጥ ወይም ከንግግር መወላገድ ጋር ከሆነ፣ የቡና ጥያቄ አይደለም። ወዲያው ስኳራቸው ይለካ፤ ከ70 በታች ከሆነ ሰዓቱ ምንም ይሁን ምን ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካ። መለኪያ ከሌለ ደግሞ መለካትን ሳይጠብቁ ስኳሩን ይስጧቸው። ልጅየዋ እናቷን በማግሥቱ ይዛቸው መጣች፤ የጾሙንም ጉዳይ ከንስሐ አባታቸው ጋር ተነጋግረው መድኃኒታቸውን ጠዋት በምግብ እንዲወስዱ ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን ያላትን ፈቃድ አባ እራሳቸው ስላስረዷቸው እኔ ብዙ መናገር አላስፈለገኝም።

በደብረ ዘይት ሳምንት የልብስ ሰፊዋ ራስ ምታት ሁለት ቀን ብቻ መጣ፤ በገብር ኄር አንድ ሰኞ። ስለ ሰሙነ ሕማማት ግን ስጋት ነበረኝ፤ ጾሙ እስከ ማታ ይረዝማል፣ ስግደቱም ላብ ያስወጣል፣ ተደፍቶ በመነሣትና በመቆም መካከልም ፈሳሹ ያነሰበትን ሰው ያዞረዋል። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ የሚያከፍሉ ጎረቤቶቿን ተከትላ እሷም ለማክፈል አስባ ነበር። ሁለት ቀን ያለ ውኃ መቆየት እንደ እሷ ላለ ሰው ምን እንደሚያደርግ ከመዘገብነው ቁጥር ላይ እያሳየሁ ነገርኳት፤ ውሳኔውን ለእሷና ለንስሐ አባቷ ተውኩት። ዓርብ ስቅለት ዕለት ማታ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ውኃ ጠጥታ፣ ሽሮ በልታ ጾሟን ፈታች። በዚያ ቀን ከ8 ሰዓት በኋላ ሕመሙን በልኬቱ 2 ብላ መዝግባዋለች፤ ከስግደት ስትነሣም አላዞራትም።

ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ልምዷ ወደ አምስት ሲኒ ይመለሳል ብዬ ጠብቄ ነበር። የሐዋርያት ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ረቡዕ ዕለት የደንበኛ ቀሚስ ልታደርስ በክሊኒኩ ደጃፍ ስታልፍ አገኘኋት። ከረፋዱ 5 ሰዓት ነበር። ጠዋት ቡና እንደማትጠጣ፣ ከሰዓት በኋላ ቶና፣ ማታ ደግሞ አንድ ሲኒ ብቻ እንደምትጠጣ፣ ራሷንም ከሕማማት ወዲህ እንዳላማት ነገረችኝ፤ ቀሚሱ እንዳይጨማደድ በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ይዛ ወደ ባጃጁ ገባች።